ወንድምህ ስለ ውሃው፣ አንተ ስለ ብሩ

«እናቴ ደብረ ብርሃን 14 ክፍል ያለው ፔንሲዮን አላት። ኅዳር ላይ ጻድቃኔ ማርያምን ተሳልሞ ሲመለስ እኛ ጋ ያደረ ሰው ጉግል ማፕ ላይ አንድ ኮከብ ሰጥቶ "ሙቅ ውሃ የለም፣ ሂሳብ ሁለት ጊዜ አስከፈሉኝ፣ ሌቦች ናቸው" ብሎ ጻፈ። እውነት ለመናገር መብራት ጠፍቶ ነበር። 1,500 ብሩንም በባንክ ልኮ ሳለ ኔትወርክ ስላልነበረ "አልገባም" ብለነው በእጁ ደግሞ ከፍሏል፤ የላከው በማግስቱ ገባ። እኔ "ውድ ደንበኛችን፣ ለተፈጠረው ሁሉ ይቅርታ እንጠይቃለን፣ በኢሜይላችን ያግኙን" ብዬ ልመልስለት ነው። ታላቅ ወንድሜ ግን "ይሄማ መሸሽ ነው፣ እውነቱን እዚያው ዘርዝረህ ጻፈው" ይለኛል። ማናችን ነን ልክ?»

ወንድምህ ስለ ውሃው ልክ ነው፤ አንተ ስለ ብሩ።

ሰውየው በአንድ ትንፋሽ የጻፋቸው ሁለት ነገሮች አንድ ዓይነት አይደሉም። ሙቅ ውሃው ነገ እናንተ ጋ የሚያድረውን ሰው ሁሉ ይመለከታል። ጫጫ ላይ ሻይ ይዞ «ማታ የት ልደር?» እያለ ስልኩን የሚነካካ መንገደኛ፣ በኅዳር ውርጭ ደብረ ብርሃን ገብቶ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። ይህን ወደ ኢሜይል ብትወስደው ያ መንገደኛ የሚያየው ቅሬታውን ብቻ ነው፤ መልሱ አንድ ሰው ብቻ በሚከፍተው ሳጥን ውስጥ ይቀራል። ሂሳቡ ግን የዚያ ሰው የግሉ ነው፦ መቼ እንዳደረ፣ ከማን ስልክ እንደከፈለ፣ በየትኛው ባንክ እንደላከ። እልፍኝ የሚነገረውን እልፍኝ፣ ጓዳ የሚነገረውን ጓዳ ማለት ነው። ያንተ ረቂቅ ሁለቱንም ጓዳ አስገባቸው፤ የወንድምህ ሐሳብ ደግሞ ሁለቱንም እልፍኝ ሊያወጣቸው ነው።

የወንድምህ መንገድ የት እንደሚያደርስ ስለማውቅ እሱን ላስቀድም። የሆቴል ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ ስሙን በማልጠራው ቤት፣ የእንግዶችን አስተያየት የምመልስ እኔ ነበርኩ። አንድ ደንበኛ «ከተነገረኝ ዋጋ በላይ አስከፈሉኝ» ብሎ ጻፈ። መዝገቡን አገላብጬ እውነቱን ስላገኘሁ ደስ ብሎኝ፣ «ክፍሉ ለሁለት ሰው ስለተያዘ ነው ዋጋው የጨመረው» ብዬ እዚያው ለጠፍኩ። ቃል በቃል እውነት ነው። ያልገባኝ ነገር ቢኖር ሰውየው በትክክለኛ ስሙ መጻፉ፣ ዘመድ ወዳጁም የሚያነበው መሆኑ ነው። በማግስቱ ደውሎ ምን እንዳለኝ እዚህ አልጽፈውም። ጽሑፌን ወዲያው አጠፋሁት፤ እሱ ቤት ውስጥ የተነሳውን ግን እኔ ላጠፋው አልችልም። ክርክሩን በመዝገብ አሸንፌ ያደረስኩት ጉዳት እሱ በአንድ ኮከብ ካደረሰብን ይበልጥ ነበር። አሁን ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ የእንግዳን መዝገብ አደባባይ ማውጣት ከነውርነቱ ባሻገር በሕግም ሊያስጠይቅ ይችላል።

ወደ አንተ ረቂቅ እንምጣ። «ለተፈጠረው ሁሉ ይቅርታ» ስትል ምን ተፈጠረ? አልተናገርክም። አንባቢው የቅሬታውን ሦስት ሐረግ አንብቦ ወደ አንተ ሲወርድ ስለ ውሃ አንድ ቃል፣ ስለ ሂሳብ አንድ ቃል አያገኝም። ይህንኑ መልስ ለሚቀጥለው ደንበኛ፣ ከዚያም ለሌላው ትለጥፈዋለህ፤ ከመንፈቅ በኋላ ገጻችሁን ወደ ታች የሚያይ ሰው «በኢሜይላችን ያግኙን» የሚል ሰባት አንድ ዓይነት መልስ ተደርድሮ ያገኛል። ያኔ ነው ወንድምህ «መሸሽ» ያለው በትክክል የሚታየው። የኢሜይል ግብዣው ራሱ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ ከግብዣው በፊት ምንም አለመባሉ ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የፔንሲዮኑ ባለቤት ልጅ ነኝ። በዚያ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ስለነበር ቦይለሩ አልሠራም፤ ሙቅ ውሃ አልነበረም ያሉት እውነት ነው። ይህን ክፍሉን ከመያዝዎ በፊት ልንነግርዎ ሲገባ ዝም በማለታችን ይቅርታ እንጠይቃለን። ከአሁን በኋላ መብራት ሲጠፋ ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ አስቀድመን እንናገራለን፤ ለሚፈልግም ውሃ በጋዝ ምድጃ አፍልተን በባልዲ እናቀርባለን። ሂሳብን በተመለከተ መዝገባችንን አይተን ሁለት ጊዜ የተከፈለ አንድ ሂሳብ አግኝተናል፤ የእርስዎ ከሆነ ትርፉ ይመለስልዎታል። ዝርዝሩ የግልዎ ስለሆነ እዚህ አንጽፈውም። እባክዎ በ pension@example.com ርእሱን "የሂሳብ ጉዳይ" ብለው የዝውውሩን የማረጋገጫ ቁጥር ይላኩልን። የማነበው እኔው ነኝ፤ በደረሰኝ ማግስት እመልስልዎታለሁ። ኢሜይል ካልተመቸዎ ደረሰኙ ላይ ባለው ስልክ ይደውሉ።»

አድራሻውን በራስህ ተካው። የባልዲውን ነገር ግን እናትህ በእርግጥ የሚያደርጉት ካልሆነ አትጻፈው፤ የሚቀጥለው እንግዳ መብራት በጠፋበት ሌሊት መጥቶ «ባልዲው የታለ?» ይላል።

«የእርስዎ ከሆነ» የምትለዋን ሐረግ እንዳትሰርዛት። ጉግል ላይ የሚታየው ስም ሰውየው ራሱ ያወጣው ነው፤ እናንተ መዝገብ ላይ ካለው ስም ጋር ላይገጥም ይችላል። ሁለት ጊዜ የከፈለው እንግዳና ቅሬታ የጻፈው ሰው አንድ መሆናቸውን አንተ ገምተሃል እንጂ ገና አላረጋገጥክም። ሐረጓ ጥፋቱን ሳትሸሽግ ይህን ክፍተት ትተዋለች።

ቀኑን፣ የብሩን መጠንና ባንኩን አደባባይ አለመጻፍህ ሌላም ጥቅም አለው። አድራሻህን ሁሉም ሰው ያየዋል። «ሁለት ጊዜ የከፈልኩት እኔ ነኝ» ብሎ የሚጽፍ ሁለተኛ ሰው ቢመጣ በምን ትለየዋለህ? አደባባይ ያላወጣኸው ነገር እዚህ ላይ መለያህ ይሆናል፤ የማረጋገጫ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የላኪውን ስም የሚያውቀው የከፈለው ሰው ብቻ ነው። (እዚህ ጥያቄህ ላይ መጠኑን ጽፈኸዋል፤ ፔንሲዮኑን ስላልጠራህ ችግር የለውም።) ማጭበርበሩ በተቃራኒውም ይመጣል። አንድ ሌላ ሰው በእናንተ ስም ደንበኛውን አግኝቶ «ብሩን እንድንመልስልዎ የሚስጥር ቁጥርዎን ይላኩ» ሊለው ይችላል። ስለዚህ መልሱ ላይ የምትጽፈው ኢሜይል ደረሰኛችሁ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን፤ ደንበኛው ያመሳክርበት። አንተም የሚስጥር ቁጥር፣ የመታወቂያ ፎቶ፣ በስልክ የሚመጣ የማረጋገጫ ኮድ ፈጽሞ አትጠይቅ። ብር ለመመለስ ከእነዚህ አንዱም አያስፈልግም።

«ሌቦች» የሚለው ቃል እናትህን እንዳንገበገባቸው አያጠራጥርም። መልሱ ላይ ግን አታንሳው። «እኛ ሌቦች አይደለንም» ብለህ ስትጽፍ ቃሉን ራስህ ደገምከው፤ አንባቢው ሁለት ጊዜ አየው። «የእርስዎ ከሆነ ትርፉ ይመለስልዎታል» የሚለው ለዚያ ቃልም መልስ ነው።

ለምን ኢሜይል? አንደኛ፣ ጉግል ማፕ ላይ ቅሬታ ለጻፈ ሰው በግል የምትጽፍበት ሳጥን የለህም። የድርጅት ገጾች ላይ የነበረው የመልእክት አገልግሎት ሐምሌ 2016 ላይ ተዘግቷል። የቀረህ አደባባይ ላይ የሚለጠፈው አንድ መልስ ነው፤ ለአንድ አስተያየት ከአንድ በላይ መልስ አይሰጥም፣ ያንኑ እያስተካከልክ ትሄዳለህ እንጂ። ስለዚህ ሰውየው ራሱ ወደ አንተ እንዲመጣ በር መክፈት አለብህ። ሁለተኛ፣ ነገሩ የሂሳብ ክርክር ነው። በስልክ «ልኬያለሁ» «አልደረሰም» ትባባሉና ሁለታችሁም ተናዳችሁ ትዘጉታላችሁ። በኢሜይል የደረሰኙ ምስል አብሮ ይመጣል፣ የተባለው ሁሉ በጽሑፍ ይቀራል፣ ወንድምህም ነገ ቢተካህ ከመጀመሪያው አንብቦ ይቀጥላል።

ጉድለቱንም ልንገርህ። እኛ አገር ጂሜይል የሌለው ባለ ስማርት ስልክ ጥቂት ነው፤ ብዙው ግን ስልኩ ሲከፈት ሱቅ ውስጥ የተከፈተለት ነው፤ የይለፍ ቃሉን አያውቀውም፣ ገብቶም አያነበውም። ለዚህ ነው የስልኩን ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ያስገባሁት። ቢደውልልህ በትሕትና ሰምተህ፣ የማረጋገጫ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈህ፣ የተስማማችሁበትን በአጭር መልእክት ላክለት፤ ኢሜይል ይሠራ የነበረውን ሥራ ያ መልእክት ይሠራልሃል።

መልሱን ከመለጠፍህ በፊት ሳጥኑን አሰናዳ። ለዚህ ብቻ የሚሆን አድራሻ ክፈት እንጂ የራስህን አትስጥ፤ ሪሴፕሽን ያለው ስልክ ላይም ይግባ፣ የማሳወቂያ ድምፁም አይዘጋ። አንዴ ከሌላ አድራሻ ወደ እሱ ጽፈህ መድረሱን ሞክር። ከማያውቁት አድራሻ ምስል ተያይዞ የሚመጣ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ Spam ውስጥ ይወድቃል፤ መልሱን ከለጠፍክ በኋላ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ያንን ሳጥን ጧትና ማታ ክፈተው። ተጋብዞ ጽፎ መልስ ያጣ ደንበኛ ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ጉግል አስተያየቱን እንዲያስተካክል ይፈቅድለታልና ተመልሶ «በኢሜይል ጻፉልን ብለው ዘጉኝ» ብሎ ይጨምርበታል። ለዚያ ደግሞ መልስ የለህም።

አሁን ጻፈልህ እንበል። እንዲህ ያለ ነገር ነው የሚመጣው፦ «ብሬን መልሱልኝ። የባንኩ መልእክት ይኸው ተያይዟል።» ሰላምታ የለውም፤ አይክፋህ። ምስሉን ከፍተህ የማረጋገጫ ቁጥሩን ከእናትህ ሂሳብ መግለጫ ጋር አስተያየው። ገጥሟል፤ የላኪው ስም ግን መዝገባችሁ ላይ ያለው እንግዳ አይደለም፣ የሴት ስም ነው። ይህ የተለመደ ነው፤ ሰው በሚስቱ ወይም በእህቱ ስልክ ይልካል። ይሁንና «ወደመጣበት ልመልሰው» ብለህ ዝም ብለህ አትላክ፤ «ያ ሒሳብ የእኔ አይደለም» ሊልህ ይችላል። እንዲህ ብለህ ጠይቀው፦

«እንደምን አደሩ። ቁጥሩን ከመግለጫችን ጋር አመሳክረናል፤ ትክክል ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ዝውውሩ መድረሱን ሳናጣራ በእጅዎ አስከፈልንዎት። ብሩን ወደተላከበት ሒሳብ ልንመልሰው እንችላለን፤ ሌላ ሒሳብ ከመረጡ ቁጥሩንና የባለቤቱን ስም ይላኩልን። ዛሬ ከ10 ሰዓት በፊት ከደረሰን ዛሬውኑ እንልካለን።»

ሲመልስልህ ልከህ የባንኩን ማረጋገጫ አያይዝለት። የእናትህ ቀሪ ሂሳብ የሚታይበት ከሆነ ቆርጠህ አውጣው። በኢሜይል የምትጽፈውን ሁሉ ነገ በምስል ተነስቶ ጉግል ላይ እንደሚለጠፍ አድርገህ ጻፈው። የግል ደብዳቤ ነው ብለህ «አንተም እኮ ቸኩለህ ነው» ብትል ያቺ ዓረፍተ ነገር ብቻዋን ተቆርጣ ትወጣለች።

እዚህ ላይ አብዛኛው ባለቤት የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ብሩን ሲልክ «እባክዎ አስተያየቱን ያጥፉልን» የሚል ይጨምራል። አትጨምር። የሚመለሰው ብር ዱሮም የሰውየው ነው፤ በእሱ ልትደራደር አትችልም። ቅናሽ ወይም ነጻ አዳር ሰጥቶ አስተያየት ማስለወጥ ደግሞ በጉግል ደንብ የተከለከለ ነው። እንዲያውም ያ የኢሜይል ጥያቄህ ነው ተለጥፎ የሚያሳፍርህ። ለጉግል «ይጥፋልን» ብለህ ማመልከትም አይሠራም፤ ስድብና ማስመሰል ያለበትን ዓይነት ነው የሚመለከቱት፣ በባለቤትና በደንበኛ መካከል ማን ልክ እንደሆነ አይዳኙም። እዚህ ደግሞ ሰውየው የጻፈው ዋናው ነገር እውነት ነው። ብሩ ሲደርሰው ብዙ ሰው ያለማንም ጥያቄ ተመልሶ ያስተካክለዋል፤ ካላስተካከለም መብቱ ነው።

ነገሩ ጓዳ ውስጥ ሲያልቅ እልፍኝ ተመልሰህ ንገር። የለጠፍከውን መልስ ክፈትና ከመጨረሻው አንድ መስመር ጨምር፦ «የሂሳቡ ጉዳይ ከእንግዳችን ጋር ተነጋግረን ተጠናቋል።» ስንት ብር፣ ለማን፣ እንዴት የሚል አይገባም። ይህች መስመር ከሌለች ያ ጫጫ ላይ ያለው መንገደኛ ግብዣውን እንጂ መጨረሻውን አያውቅም።

አንድ ነገር ከርእሱ ትንሽ ወጣ ብሎ፦ ወደ ኢሜይል ፈጽሞ የማይወሰድ ቅሬታ አለ። ብርዱን ፈርቶ የከሰል ማንደጃ ክፍሉ ይዞ ገብቶ ራሱን ያመመው እንግዳ ቢጽፍ ለምሳሌ፣ «በግል እናውራ» አይባልም። የከሰል ጭስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይገድላል፤ «ከዛሬ ጀምሮ ማንደጃ ክፍል አይገባም» የሚለው እዚያው ሁሉም በሚያየው ቦታ መጻፍ አለበት።

ሰውየው ጭራሽ ባይጽፍስ? ይህም ይሆናል። ባለቤቱ ሲመልስ ጉግል ለጻፈው ሰው ማሳወቂያ ይልካል፤ ሁሉም ግን አያየውም፣ አይቶም የተናደደ ሰው «ተዋቸው» ብሎ ያልፋል። አንድ ሳምንት ጠብቅና መልሱን ከፍተህ «ብሩ እስካሁን በስምዎ ተቀምጧል» የሚል ጨምርበት። መዝገባችሁ ላይ ስልኩ ካለ አንድ ጊዜ ደውልለት፤ ስለ ኮከቡ ሳይሆን ስለ ብሩ። ካላነሳ ደጋግመህ አትደውል። 1,500ውን በፖስታ አሽገህ፣ ቀኑንና የማረጋገጫ ቁጥሩን ላዩ ላይ ጽፈህ ለእናትህ ስጣቸው። ጻድቃኔን የለመደ ሰው ሌላ ጊዜም በደብረ ብርሃን ያልፋል፤ ሪሴፕሽን ላይ የምትሠራው ልጅም ፖስታው የት እንዳለ ትወቅ።